የማታ ተረት ቦት፦ ሰዓቱን ለማስተካከል የተደረገ ትግል ማስታወሻ

ጥር 12፣ 2017

ቦቱ ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። በየማታው አንድ አጭር የአማርኛ ተረት በድምፄ ቀድቼ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያስተኙ ያሰሟቸዋል። ያስጀመረችኝ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ናት። ለእሷ ልጆች የጀመርኩት ነገር ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ ዛሬ 412 ቤተሰብ ተመዝግቧል፤ አዲስ አበባ፣ ዲሲና አካባቢው፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ካይሮ፣ ሜልቦርን። ወጪው ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ በወር 6 ዶላር፣ በእህቴ ካርድ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ኋላ እኔው ራሴ እንዳልምታታ። እዚህ 19:30 ብዬ ስጽፍ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል» ስል የእኛው ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው።

ክሮን በሚባለው፣ ሰርቨሩ ላይ ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው ፕሮግራም፣ አላላኩ እስካሁን ይኼው ነው፦

```
30 16 * * * python send.py
```

ሰርቨሩ የሚሠራው የየአገሩ ሰዓት በሚለካበት የዓለም መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። 16:30 ዩቲሲ አዲስ አበባ ላይ 19:30 ስለሆነ ለእኔ ልክ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከሜልቦርን መልእክት ደረሰኝ፦ «ወንድሜ፣ ተረቱ ግሩም ነው። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ስልኬ ጮኾ ሰው የሞተ መስሎኝ ነው የተነሣሁት።» ውጭ የሚኖር ሰው ስልኩ በሌሊት ሲጮኽ መጀመሪያ የሚያስበው መርዶ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። እህቴን ስጠይቃት ለእሷ የሚደርሰው 11:30 ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። «ማታ ፈልጌ አወጣዋለሁ፣ ችግር የለም» ብላ ለሦስት ሳምንት ደብቃኛለች።

ግቡ እንግዲህ፦ ተረቱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ከተማ 19:30 ላይ ይድረስ።

ጥር 20

መጀመሪያ ማን የት እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ። ቴሌግራም ለቦት የተጠቃሚውን የሰዓት ቀጠና አይሰጥም። ከመልእክቱ ጋር የሚመጣው `language_code` ብቻ ነው፤ እሱም የአፑን ቋንቋ እንጂ አገሩን አይናገርም። ከእኔ ተመዝጋቢዎች አብዛኞቹ `en` ናቸው፣ አዲስ አበባም ያሉት ሳይቀሩ።

ስለዚህ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቦቱ ሁሉንም «አሁን እርስዎ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግኩ። መልሱን ከዩቲሲ ላይ ቀንሼ ልዩነቱን አገኛለሁ ብዬ። የላክሁት በ18:00 ዩቲሲ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ በሙሉ «3:00» ነው። ትክክል ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። የእኔ ኮድ ግን 3:00ን ከሌሊቱ ዘጠኝ አድርጎ ስለተረዳው አዲስ አበባን ከዩቲሲ 9 ሰዓት አስቀደማት፤ ጃፓን አደረጋት ማለት ነው። «ከሰዓት በኋላ ይሆናል» ብዬ 12 ሰዓት ስጨምርበት ደግሞ ብራዚል ሆነች። ዲሲ ላይ የባሰ ነው። በዚያች ደቂቃ ዲሲ 13:00 ነበር። አንዷ «1:00» ብላ መለሰች፣ ሌላው «7 ሰዓት»። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እሷ የስልኳን አየች፣ እሱ በአማርኛ ተጠይቆ በአማርኛ መለሰ። ከቁጥሩ ብቻ ማን በየትኛው እንደተናገረ የሚለይበት መንገድ የለም።

ሰዓት መጠየቁን ተውኩት። አሁን የሚጠየቀው ከተማ ነው፣ በቁልፍ። «የሰዓት ቀጠናዎን ይምረጡ» ብሎ ረጅም ዝርዝር መስጠቱ አልታየኝም፤ ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ስሙን `America/Chicago` ውስጥ አይፈልግም። ስለዚህ ቁልፉ ላይ «ሚኒያፖሊስ» ተጽፏል፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሌላ ነው። ከተማው ከተመረጠ በኋላ ማረጋገጫ ይመጣል፦ «አሁን እርስዎ ጋ 13:04 (ከቀኑ 7፡04) ነው፣ ትክክል?» ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማሳየቱ ክርክሩን ዘጋው። ሰው ሰዓት ጻፍ ሲባል ይለያያል፤ የተጻፈለትን እይና አረጋግጥ ሲባል ግን አይሳሳትም።

ዳታቤዝ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩነቱን በቁጥር አስቀመጥኩ። ዲሲ −5፣ ዱባይ +4፣ ሜልቦርን +11። (ይህን መስመር ከወር በኋላ እመለስበታለሁ፣ አፍሬ።)

የካቲት 4

ሁሉም በየከተማው 19:30 ላይ እየደረሰው ነው። ያላሰብኩት ነገር ግን የእኔን ቀን ቀየረው።

እስካሁን ተረቱን የምቀዳው ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ እንደወጣሁ ነበር። አሁን የመጀመሪያዋ ተቀባይ ሜልቦርን ናት። የሜልቦርን 19:30 በዚህ ወቅት 08:30 ዩቲሲ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል። የመጨረሻዋ ሲያትል ስትሆን የእሷ 19:30 በማግስቱ 03:30 ዩቲሲ ላይ ይውላል፤ እኔ ጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ማለትም የአንዱ ማታ ተረት ከመጀመሪያው ቤተሰብ እስከ መጨረሻው ለመድረስ 19 ሰዓት ይፈጅበታል። በዚህ መሃል የሁለተኛው ቀን ተረት ለሜልቦርን ሊወጣ 5 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል።

በዚህ ምክንያት «የዛሬው ተረት» የሚባለውን በሰርቨሩ ቀን መምረጥ አይሆንም። ሲያትል 19:30 ሲሆን ሰርቨሩ ቀኑን ቀይሯል፤ በእሱ ቀን ብመርጥ የሲያትል ልጆች ሁልጊዜ የነገውን ያገኛሉ። ተረቱ የሚመረጠው በተቀባዩ ከተማ ቀን ነው። እናት ወይም አባት «የማክሰኞው ተረት» ሲሉ ሁላቸውም ስለ አንድ ተረት ነው የሚያወሩት፣ ምንም እንኳ ሜልቦርን ያለችው የአክስት ልጅ ቀድማ ሰምታ መጨረሻውን በስልክ ብትናገርም። ይህ ቅሬታ በእርግጥ መጥቷል፤ መፍትሔ የለኝም።

መጋቢት 1

ትናንት የካቲት 30 (በፈረንጆቹ ማርች 9) አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ቀየረች፤ ዴይላይት ሴቪንግ የሚሉት ነው። እሁድ ማታ እህቴ ደወለች፦ «ዛሬ ተረቱ 8:30 ላይ መጣ፣ ልጆቹ ተኝተዋል።» ከሚኒያፖሊስም፣ ከሲያትልም ያው። ከአሪዞናዋ ፊኒክስ ብቻ ማንም አልጻፈም። የናቫሆ ግዛት ሲቀር አሪዞና ሰዓት አትቀይርም።

ስህተቱ ግልጽ ነው። ዲሲን −5 ብዬ አስቀምጫለሁ፤ ዲሲ ግን −5 የምትሆነው በክረምታቸው ብቻ ነው። የተቀመጠው ቁጥር ያ ሰው በተመዘገበበት ቀን የነበረውን ልዩነት ነው የሚናገረው፣ ሕጉን አይደለም። ሕጉ ያለው በስሙ ውስጥ ነው፦ `America/New_York` ማለት «ይህች ከተማ ከዩቲሲ በስንት እንደምትርቅ፣ መቼ እንደምትቀይር» የሚል ሠንጠረዥ ነው። እኛ አገር ሰዓት ተቀይሮ ስለማያውቅ ለእኔ +3 እና አዲስ አበባ አንድ ነገር ነበሩ። ልዩነቱን ሳላየው የቀረሁት ለዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ ማታ የማደርገው፦ የልዩነቱን አምድ ሰርዤ የቀጠና ስም ማስገባት። ደግነቱ ከተማውን ጠይቄ ነበር፤ ሰዎቹን ዳግመኛ ማስቸገር የለብኝም። ቁጥሩን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ −5 የነበረው ሰው ኒው ዮርክ ይሁን ፓናማ ማወቅ አልችልም ነበር።

መጋቢት 5

ስሞቹ ገብተዋል፣ ቦቱ ተነሥቷል፣ ችግሩ ግን ያልተፈታ መሰለ። እህቴ፦ «ዛሬም ዘግይቷል፣ 8:26።» መጀመሪያ አዲሱ ኮድ ሰርቨሩ ላይ አልወጣም ብዬ ደጋግሜ ጫንኩ። ሁለት ማታ አባከንኩ።

የገረመኝ ያቺ 26 ናት። ስህተቱ የድሮው ቢሆን 8:30 ላይ ይደርስ ነበር። ሎጉን ዘርዝሬ አየሁት፦ ዲሲ 20:26፣ ሚኒያፖሊስ 20:21፣ ዱባይ (ስሞቹ እስኪገቡ ፍጹም ልክ የነበረችው) 19:49። ሙሉ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ያልሆነ መዛነፍ ሲታይ ዴይላይት ሴቪንግን መጠርጠር ተገቢ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ ይህ ነው። የተጠቀምኩት `pytz` የሚባለውን የቆየ ላይብረሪ ነው፣ እንዲህ አድርጌ፦

```python
datetime(2025, 3, 13, 19, 30, tzinfo=pytz.timezone("America/New_York"))
```

`pytz` በዚህ መልኩ ሲሰጥ ቀኑን አይቶ ትክክለኛውን ልዩነት አይመርጥም፤ በሠንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለውን ይይዛል። የመጀመሪያው መስመር ደግሞ ከተሞች የጋራ ሰዓት ሳይስማሙ በፊት፣ እያንዳንዷ በራሷ ፀሐይ ትቆጥር የነበረበት ዘመን ነው። ኒው ዮርክ ያኔ ከዩቲሲ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወደኋላ ነበረች። ቺካጎ በ5 ሰዓት ከ51። ዱባይ በ3 ሰዓት ከ41 ወደፊት። ስለዚህ ቦቴ ተረቱን የሚልከው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓት ነበር። ስሌቱን ለዲሲ ብሠራው፦ 19:30 ሲደመር 4:56፣ 00:26 ዩቲሲ ይሆናል። በዛሬው የዲሲ ሰዓት (−4) 20:26። እህቴ ያለችው ደቂቃ።

`pytz` ላይ `localize` የሚባለውን መጠቀም ነበረብኝ፤ መመሪያው ላይም ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እሱን ከማስታመም ይልቅ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ አብሮ ወደሚመጣው `zoneinfo` ዞርኩ። ይኼኛው በ`tzinfo` ሲሰጡት ቀኑን አይቶ ልክ ይሰጣል። ዛሬ ማታ ዲሲ 19:30፣ ዱባይ 19:30።

መጋቢት 20

ለአውሮፓ ሰዓት መቀየር (ነገ፣ መጋቢት 21) እየተዘጋጀሁ ሳለ እስራኤል ቀደመችኝ። እስራኤል የምትቀይረው ከማርች መጨረሻ እሁድ በፊት ባለው ዓርብ ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ቴል አቪቭ ያሉት በሙሉ ትናንት 20:30 ላይ ደረሳቸው።

ቀጠናው ልክ ነው፣ ላይብረሪው ልክ ነው። ታዲያ? ስህተቱ ያለው ተረቱ ከተላከ በኋላ ነው። የሚቀጥለውን የመላኪያ ጊዜ የማሰላው እንዲህ ነበር፦ ያለፈው ጊዜ፣ በዩቲሲ፣ ሲደመር 24 ሰዓት። «ነገ በዚህ ሰዓት» እና «ከ24 ሰዓት በኋላ» በዓመት ውስጥ ከሁለት ቀን በስተቀር አንድ ናቸው። በቴል አቪቭ ትናንትና ከትናንት ወዲያ መሃል ያለው ቀን 23 ሰዓት ብቻ ነበር፤ እኔ ግን 24 ደመርኩ።

ስለዚህ የሚቀመጠው የሰው ፍላጎት ነው፦ የቀጠና ስምና የግድግዳ ሰዓት። የዩቲሲው ጊዜ ከእነዚህ በየቀኑ እንደ አዲስ ይሰላል፦

```python
def next_at(tz, hh, mm, after):
    z = ZoneInfo(tz)
    d = after.astimezone(z).date()
    t = datetime.combine(d, time(hh, mm), tzinfo=z)
    if t <= after:
        t = datetime.combine(d + timedelta(days=1),
                             time(hh, mm), tzinfo=z)
    return t.astimezone(timezone.utc)
```

`after` በዩቲሲ ያለ አሁን ነው። መጀመሪያ ወደ ከተማው ቀን ይቀየራል፣ ከዚያ በዚያ ቀን ላይ 19:30 ይለጠፋል፣ አልፎ ከሆነ ቀኑ (ሰዓቱ ሳይሆን) በአንድ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዩቲሲ ይመለሳል። ውጤቱ `next_at` በሚባል አምድ ይቀመጣል። ክሮን አሁን በየደቂቃው ይነሣና `next_at` ያለፈውን ሁሉ ይልካል፤ 19:30 የሚል ነገር ክሮኑ ውስጥ የለም።

መጋቢት 21 ማታ ጭማሪ፦ ለንደን 19:30። ስቶክሆልም 19:30። እስራኤል ሁለት ቀን ቀድማ ባትቀይር አውሮፓም ይበላሽ ነበር።

ሚያዝያ 19

ካይሮ ያለ አንድ ተመዝጋቢ (ካይሮ ያሉት አራት ናቸው) ከዓርብ ጀምሮ በአንድ ሰዓት እየዘገየ እንደሆነ ጻፈ። ሌላ ቦታ ሁሉ ልክ ነው። ኮዱን ለሁለት ቀን ስመረምር ምንም አጣሁ፤ ኮዱ ላይ ስላልነበረ።

ግብፅ ለዓመታት ሰዓት መቀየር ትታ ነበር። በፈረንጆቹ 2023 መልሳ ጀመረችው፤ ከኤፕሪል የመጨረሻ ዓርብ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ ሐሙስ። የሰዓት ሠንጠረዡ `tzdata` ይባላል፣ አገሮች ሕግ በቀየሩ ቁጥር አዲስ እትም ይወጣለታል። የእኔ ሰርቨር የቆመበት ኢሜጅ፣ ማለትም ሲስተሙ የተገለበጠበት ቅጂ፣ በ2022 የተሠራ ነው፤ ለእሱ ግብፅ ዛሬም ሰዓት አትቀይርም። ማረጋገጫው አንድ መስመር ነው፦

```
python -c "from zoneinfo import ZoneInfo as Z; from datetime import datetime as D; print(D(2025,7,1,tzinfo=Z('Africa/Cairo')).utcoffset())"
```

`3:00:00` ማለት ሲገባው `2:00:00` አለ።

አዲሱን ሠንጠረዥ ለማስገባት `pip install tzdata` አልኩ። አሁንም `2:00:00`። እዚህ አንድ ሰዓት ያህል ተናድጃለሁ። ለካ `zoneinfo` መጀመሪያ የሚያየው ሲስተሙ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ነው፤ በ`pip` የገባውን የሚያየው ሲስተሙ ላይ ምንም ሲያጣ ብቻ ነው። አሮጌው ስለተገኘ አዲሱን ዞር ብሎም አላየው። `PYTHONTZPATH=""` ብዬ ሳስነሣው የሲስተሙን ትቶ የ`pip`ን ያዘ፤ `3:00:00` አለ። አሁን ኢሜጁንም አድሼዋለሁ፣ ያንን መስመር ግን አላነሣሁትም።

ሠንጠረዡ ከታደሰ በኋላም ካይሮ አንድ ማታ ዘገየ፤ የዕለቱ `next_at` በአሮጌው ሠንጠረዥ ተሰልቶ ተቀምጦ ነበርና። ስለዚህ ሌላ ሥራ ተጨመረ፦ በቀን አራት ጊዜ ሁሉም `next_at` እንደ አዲስ ይሰላል፣ ከተቀመጠው ከተለየ ይተካል፣ ልዩነቱም ለእኔ ይላካል። ቤይሩት ያሉትን እህቶች ሳስብ ደግሞ ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። በ2023 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት መቀየሪያው ሦስት ቀን ሲቀረው ቅያሪውን አዘገየ፤ ከፊሉ ሕዝብ አልቀበልም ብሎ ቀየረ፣ ከፊሉ አልቀየረም፣ በቀናት ውስጥ መንግሥት ውሳኔውን መለሰ። በዚያ ሳምንት ሠንጠረዡ ራሱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ለወር አስቀድሞ አስልቶ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት ይቻላል።

ግንቦት 24

ሰርቨሩ ትናንት ማታ ለአራት ሰዓት ያህል ወድቆ ቆይቶ 20:40 ዩቲሲ ላይ ተነሣ። እንደተነሣ ያለፈበትን ሁሉ ላከ፤ «`next_at` ያለፈውን ላክ» ነዋ የተባለው። ስቶክሆልም 22:40 ላይ፣ ለንደን 21:40 ላይ ስልኮች ጮኹ። ሁለት ሰዎች ቦቱን ዘግተውታል፤ ቴሌግራም `403` ሲመልስ ሎጉ ላይ ይታያል።

አሁን 45 ደቂቃ ገደብ አለው። ከዚያ በላይ የዘገየ አይላክም፣ በማግስቱ ከአዲሱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ለእንቅልፍ የሚነገር ተረት ዘግይቶ ከሚመጣ ቢቀር ይሻላል። ለክፍያ ማስታወሻ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን አደርግ ነበር።

ሰኔ 15

ከእስራኤሏ ነታንያ ከተማ አንዲት እናት፦ «ዓርብ ማታ አይላክልን፣ ሰንበት ነው።» ዓርብን ለጠየቀ መዝለል ቀላል ነበር። ያላሰብኩት ቅዳሜን ነው። በበጋቸው ቅዳሜ 19:30 ላይ ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ሰንበትም አልወጣም፤ በክረምታቸው ግን ወጥቷል። በየሳምንቱ የፀሐይ መጥለቂያ ማስላት ጀምሬ ነበር፣ ተውኩት። ሰንበት ለሚያከብሩ ሁለቱም ተረቶች እሁድ ማታ ይደርሳሉ። ስትጠየቅ «ይሻላል፣ እሁድ ሁለት መስማት ይወዳሉ» አለች።

ሐምሌ 8

የእረፍት ወቅት ነው፣ ከዲሲ የመጡ ልጆች አያቶቻቸው ጋ አዲስ አበባ ናቸው። የቦቱ ሰዓት ግን ዲሲ ቀርቷል። የዲሲ 19:30 አሁን እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። አንዲት አያት በልጃቸው ስልክ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፦ «ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ጅብና ቀበሮ ምን ይሠራሉ?»

ስልኩ ቀጠናውን ያውቃል፣ ቦቱ ግን ስልኩን አይጠይቅም። ቴሌግራም ውስጥ በሚከፈት ትንሽ ገጽ በኩል ቢሆን እንዲህ ማወቅ ይቻላል፦

```js
Intl.DateTimeFormat().resolvedOptions().timeZone
```

ገጹን ሠራሁት፣ ይሠራልም። ግን ሰው ከፍቶ ካላየው አይጠቅምም፤ ተጓዥ ደግሞ ሻንጣ ሲፈታ ገጽ አይከፍትም። የሠራው ሌላ ነው፦ በየተረቱ ሥር «ሌላ ከተማ ነኝ» የሚል ትንሽ ቁልፍ። ሲነኩት የከተሞቹ ዝርዝር ይመጣል፣ «እስከ መቼ?» ይጠይቃል፣ ቀኑ ሲደርስ ወደ ቤት ሰዓት ይመለሳል። ትእዛዝ በአማርኛ ልሰጠው ፈልጌ ነበር፤ የቴሌግራም ትእዛዝ በላቲን ፊደል ብቻ ስለሆነ `/ketema` ሆኗል። ማንም አይጽፈውም፣ ቁልፉን ነው የሚነኩት።

አንድ ጉድለት ወዲያው ታየ። ከአዲስ አበባ ወደ ዲሲ የተመለሰ ቤተሰብ በዚያው ቀን ተረቱን ሁለት ጊዜ አገኘ፤ አንዴ እዚህ 19:30 ላይ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያ 19:30 ላይ። የተላኩ መልእክቶች ሠንጠረዥ ላይ ተቀባዩና የከተማው ቀን በአንድ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይገቡ ከለከልኩ። ቀኑ አንድ ስለሆነ ሁለተኛው አሁን አይወጣም።

መስከረም 26፣ 2018

ትናንት ሜልቦርን ሰዓቷን ወደፊት ገፋች። ኮዱ ልክ ነበር፣ 08:30 ዩቲሲ ላይ ሊልክ ተነሣ። የሚልከው ግን አጣ። ከመጋቢት መጨረሻ ወዲህ የሜልቦርን 19:30 እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ስለነበር ለምጄዋለሁ፣ እስከ 6 ሰዓት እቀዳለሁ። ትናንት ወደ 5 ሰዓት ተኩል ተመልሷል፤ እኔ ማይክራፎኑን ገና እየሰካሁ ነበር። ሜልቦርን ያለ ተረት አደረች።

የእኔን የመቅጃ ቀነ ገደብም ቦቱ እንዲያሰላው አደረግኩ፤ ከሁሉም `next_at` ትንሹን ወስዶ ከአንድ ቀን በፊት ለእኔ ይነግረኛል፣ በአዲስ አበባ ሰዓት።

ጥቅምት 24

አውሮፓ ጥቅምት 16፣ አሜሪካ ትናንት ጥቅምት 23 ወደኋላ መለሱ። የ19:30 ተቀባዮች ላይ ምንም አልታየም። ያሳሰበኝ አንድ ሰው ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ተረቱን ለልጅ ሳይሆን በእረፍቱ ለራሱ የሚሰማ፣ ሰዓቱን 01:30 ያደረገ። ትናንት ሌሊት ቨርጂኒያ ውስጥ 01:30 ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዴ በ05:30 ዩቲሲ፣ 02:00 ሲደርስ ሰዓቱ ወደ 01:00 ተመልሶ ደግሞ በ06:30 ዩቲሲ።

ከሳምንት በፊት `after`ን በሐሰት ሰዓት እየሞላሁ ሞክሬዋለሁ። `zoneinfo` ካልተነገረው በቀር የመጀመሪያውን 01:30 ይይዛል፤ ከተላከ በኋላ ሲሰላ ያው 05:30 ዩቲሲ ያለፈ ሆኖ ስለሚገኝ ወደ ማግስቱ ይዘላል። ሎጉ ላይም አንድ መስመር ብቻ አለ፦ 05:30:04። በሚቀጥለው የካቲት 29 አሜሪካ ስትቀይር 02:30 የሚባል ሰዓት ጭራሽ አይኖርም፤ ያን የመረጠ ቢኖር ኮዱ 03:30 ላይ ያደርስለታል። አሁን 02:30 የመረጠ የለም።

ሰውየውን ትናንት ስንት ጊዜ ደረሰህ ብዬ ጠየቅሁት። «አንዴ» አለኝ፤ «ግን ትናንት ሌሊት ፈረቃው አንድ ሰዓት ረዝሟል፣ ሁለተኛ ብትልክ አልጠላም ነበር።»